የሦስት ሰዓት ላይቭን በምዕራፍ የተከፈለ አንድ ዝግጅት ማድረግ

ጥያቄ፦ «ስለ ካሜራ ሌንስ አመራረጥ በላይቭ ያስተላለፍኩትን የሦስት ሰዓት ውይይት ባለ ምዕራፍ ቪዲዮ ማድረግ እፈልጋለሁ። ዝምታዎቹን በሙሉ ቆርጬ አወጣሁ፤ አሁንም ግን ረጅም ነው፣ ንግግሩም የተጣደፈ ይመስላል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ቪዲዮውን ያስረዘመው ዝምታው ሳይሆን ድግግሞሹ ነው። በላይቭ ጊዜ ተመልካች በየመሃሉ ስለሚገባ አቅራቢው ርእሱን ደጋግሞ ያስተዋውቃል፣ አንድ ጊዜ የመለሰውንም ጥያቄ ሌላ ሰው ሲያነሣው እንደገና ይመልሳል። ስለዚህ የቆራረጡትን ትተው ወደ ዋናው ቅጂ ይመለሱ፤ ምንም ሳይቆርጡ በ1.5 ፍጥነት እያዩም የእያንዳንዱን ሐሳብ ሰዓትና ፍሬ ነገር በአንድ በአንድ መስመር ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ለምሳሌ የሌንስ ብርሃን ቅበላ በ0:22 ላይ በአጭሩ፣ በ1:35 ላይ በናሙና ፎቶ ተደግፎ፣ በ2:20 ላይ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶ እንደሆነ፣ ናሙና ያለውን አስቀርተው ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ከዚያ በኋላ «ቅድም እንዳልኩት» የሚሉ ቦታዎችን ይፈልጉ፤ የሚያመለክቱት ነገር ወጥቶ ከሆነ እነሱም መውጣት አለባቸው። አንዱን ክፍል ወደ ፊት ካመጡ ደግሞ በምስሉ ጥግ ያለውን የቻት ሳጥን ያስተውሉ፤ መልእክቶቹ በድንገት ሲቀየሩ ተመልካቹ መቆረጡን ያውቃል፣ በዚህ ጊዜ ምስሉን ጥቂት አጉልተው ሳጥኑን ከፍሬሙ ማስወጣት ይቻላል።

አቅራቢው የቻት ጥያቄ እያጉተመተመ የሚያነብበትን ጊዜም ቆርጠው ጥያቄውን በጽሑፍ ለ4 ሰከንድ ያህል ስክሪኑ ላይ ያሳዩ፤ መልሱ ያለ ጥያቄው ትርጉም አይኖረውም።

ዝምታን በተመለከተ፣ ከአንድ ሰከንድ የሚበልጠውን ብቻ ወደ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያሳጥሩ፤ ከከባድ ሐሳብ በኋላ የሚመጣውን ግን አይንኩ። የተጣደፈ የመሰለው እስትንፋሱ ጭምር ስለተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም። እስትንፋስን ከመሃሉ አይቁረጡ፤ በየመጋጠሚያውም አንዱ ድምፅ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ የሚተካካበትን የሁለት ፍሬም ክሮስፌድ ያድርጉ። ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ ካለ እያንዳንዱ ቁርጥ ሙዚቃውን ያዘልለዋል። ማይክሮፎኑ በተለየ ትራክ ተቀድቶ ከሆነ እሱን ብቻ ወስደው ሙዚቃውን በመጨረሻ እንደ አዲስ ያስገቡ፤ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ከሆነ ግን ትናንሾቹን ቁርጦች መተው ይሻላል። ዐይንዎን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቁርጡ ከተሰማዎት ቦታው ገና አልተስተካከለም።

ምዕራፎቹን የሚጽፉት ከኤክስፖርት በኋላ ካለቀው ፋይል ላይ ነው፤ አስቀድመው ከጻፏቸው በእያንዳንዱ ቁርጥ ሰዓቱ ይዛባል። በዩቲዩብ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ00:00 መጀመር አለበት፤ ምዕራፎቹ ቢያንስ ሦስት መሆንና በሰዓት ቅደም ተከተል መደርደር አለባቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለባቸውም፦

```
00:00 የመጀመሪያ ሌንስ የቱ ይሁን?
09:40 ብርሃን ሲያንስ ምን ይረዳል?
21:15 ያገለገለ ሌንስ እንዴት ይፈተሻል?
```

ሰዓቱን የሚቆጥሩት የጥያቄው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ከሚወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ይሁን፤ መልሱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ወደ ምዕራፉ የዘለለው ተመልካች ዐረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይገባል።