ሊጡ ለምን ይኮመጥጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ያለ እርሾ ጤፍ አቡክቼ በማግስቱ ስከፍተው አረፋ አውጥቷል፤ ሽታው ግን ያስጠላል። ልድፋው?» (ከሐዋሳ)

አትድፊው፤ ግን አትቅመሺውም። የመጀመሪያው ቀን አረፋ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሊጡ የቦካ ይመስላል፣ ግን ገና ነው።

ዱቄቱ ላይ ከማሳ፣ ከአውድማና ከወፍጮ ቤት አብረውት የመጡ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሉ። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ምንም አያደርጉም። ውሃ ሲነካው ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጀመራል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆራርጣሉ፣ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ስኳሩን ይሻማሉ። ቀድመው የሚደርሱት ኢንቴሮባክቴሪያ የሚባሉት ናቸው፤ አፈር ውስጥም አንጀት ውስጥም የሚኖሩ ዘመዶች አሏቸው። ፈጣኖች ናቸው፣ ጋዝ ያወጣሉ፣ ይሸታሉ። ያየሽው አረፋ የእነሱ ነው። ጥሬውን አትቅመሺው ያልኩሽም ለዚህ ነው።

ጉዳቸው የሚፈላው ግን በራሳቸው ሥራ ነው። ስኳሩን ሲበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲድ ሲበዛ ደግሞ ራሳቸው አይችሉትም። ሊጡ ሲበጠበጥ ፒኤቹ ከ6 በላይ ነው (ቁጥሩ በወረደ ቁጥር አሲዱ ይበዛል)። 18 ሰዓት ገደማ ሲሆነው 5.8 አካባቢ ይደርስና እነሱ እየተዳከሙ ይሄዳሉ። ፈረቃውን ሊኮኖስቶክ የሚባለው ባክቴሪያና መሰሎቹ ይረከባሉ። እነዚህ ላክቲክ አሲድም፣ የኮምጣጤውን አሴቲክ አሲድም፣ ጋዝም ያወጣሉ፤ ፒኤቹንም ወደ 4.7 ያወርዱታል። በዚህ ደረጃ ሽታው ይገለበጣል፣ ያ የሚያስጠላው ነገር ይጠፋና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይመጣል። ከዚያ አሲድን በጣም የሚችሉት ፔዲዮኮከስና ላክቶባሲለስ ይገቡና ወደ 4 ከዚያም ዝቅ ያደርጉታል። ከዱቄቱ ጋር አብሮ የመጣው ይስት አሲድ ብዙም ስለማይከብደው እነዚህ ሲኮመጥጡት እሱ ጎን ለጎን ይራባል።

ስለዚህ ጠብቂው። እስከ ሦስተኛው ቀን ሽታው ወደ ኮምጣጣ ካልዞረ፣ ወይም ላዩ ላይ ሮዝ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነገር ካየሽ ያኔ ድፊው።

«እናቴ እርሾ ከሌላት ጎረቤት ሄዳ ትለምናለች እንጂ አታቦካም። ለውጡ ምንድን ነው? ዞሮ ዞሮ ይቦካ የለ?» (ከባህር ዳር)

ይቦካል፣ ግን እናትህ ልክ ናቸው። እርሾው ውስጥ የመጨረሻዎቹ ተረኞች በብዛት አሉ፤ ላክቶባሲለሱም ይስቱም። አሲዱም አብሮ ስለሚመጣ ሊጡ ገና ሲበጠበጥ ፒኤቹ ትንሽ ይወርዳል። ያ የሚሸተው የመጀመሪያ ፈረቃ ወይ ቶሎ ይባረራል ወይ ጭራሽ ቦታ አያገኝም።

መጠኑን ለሚፈልግ፦ ለ1 ኪሎ ዱቄት 1.6 ሊትር ውሃና 160 ሚሊ ሊትር ያህል እርሾ። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ከተቦካ በማግስቱ ጠዋት ጥቃቅን አረፋ ይታያል። በሁለተኛው ቀን ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጥና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አፍለኛ የሚወድ ሰው ከዚህ ቀድሞ ይጋግራል፤ ኮምጠጥ ያለውን የሚወድ ሦስተኛውን ቀን ይጠብቃል። እርሾው ጥቂት ከሆነ ተራው እንደገና ከመጀመሪያው ሊጀምር ነው ማለት ነው፤ እና ለስሙ ያህል አንድ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ብዙ አይጠቅምም።

«ላዩ ላይ የሚቆመውን ቢጫ ውሃ ስደፋው መኮምጠጡ ይቀንሳል?» (ከአዳማ)

ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። አሲዱ ውሃው ውስጥ የሟሟ ነው፤ ውሃው ደግሞ ላይ ብቻ ሳይሆን ከታች ጭቃው መሃልም አለ። የላዩን ስትደፊ የላዩን ያህል ነው የምትቀንሺው። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ጨምረሽ ብታማስዪው ቀሪውም ይቀጥናል፤ ብዙ እናቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ካሳደርሽው ይመልሱታል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በፒኤች ወረቀት የምትለኩ ካላችሁ፣ ቁጥሩ 4 አካባቢ ደርሶ ቆመ ማለት መኮምጠጡ ቆመ ማለት አይደለም። ዱቄቱ ራሱ ብዙ አሲድ የመያዝ አቅም ስላለው ቁጥሩ እምብዛም ሳይነቃነቅ የአሲዱ መጠን ይጨምራል፤ ምላስ ደግሞ የሚቀምሰው መጠኑንም ጭምር ነው። ለዚህ ነው የአራት ቀን ሊጥ ወረቀቱ ላይ ያው ሆኖ አፍ ውስጥ የሚቆመጥጠው።

ከመድፋትሽ በፊት የሚቀጥለውን እርሾ አስቀሪ፣ አደራ።

«ሊጡ በደንብ ኮምጥጧል፣ እንጀራው ግን ዓይን የለውም። ምን ልሁን?» (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መኮምጠጥና ዓይን ማውጣት የተለያየ ሥራ ነው። የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው ጋዝ በአብዛኛው የይስቱ ነው። አንዱ በርትቶ ሌላው ሊደክም ይችላል።

መጀመሪያ የምጠረጥረው አብሲቱን ነው። ከቦካው ሊጥ አንድ አስረኛውን ያህል ወስደሽ፣ በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጠሽ፣ እስኪወፍር ታማስያለሽ። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ጋዙን የሚይዝለት ይህ የበሰለው ስታርች ነው፤ ለይስቱም ቀለብ ይሆናል። ችግሩ ብዙ ሰው ስለሚቸኩል ትኩሱን ይገለብጠዋል። ያን ጊዜ ይስቱ ይቃጠላል። 45 ዲግሪ ገደማ እስኪሆን፣ ማለትም ጣትሽን ብትነክሪ ሞቅ ብሎሽ የማያቃጥልሽ እስኪሆን አቀዝቅዢው።

ከጨመርሽው በኋላ ፊቱን ተመልከቺ። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ አረፋው ከታች እየመጣ ፈንድቶ ትናንሽ ቀዳዳ ከተወ ሊጡ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ምጣዱ አለመጋሉ ወይም ሊጡ መቅጠኑ ነው። ፊቱ ጭጭ ካለ ግን ይስቱ ደክሟል። ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት የተረሳ እርሾ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ አንድ ሁለት ዙር በትንሽ ዱቄት አቡክተሽ አንቂው።

«ስቶክሆልም ክረምት ነው፣ ሊጤ አራት ቀን ሆኖታል፤ ዱባይ ያለችው እህቴ በአንድ ቀን ኮመጠጠብኝ ትላለች። ዱቄቱ ይሆን?»

ዱቄቱን ተዪው፣ ቤቱ ነው። ሁሉም ተረኞች በብርድ ይንቀረፈፋሉ፤ ያንቺ ገና ሁለተኛው ፈረቃ ላይ ሊሆን ይችላል። ኦቨኑን ሳታበሪ መብራቱን ብቻ አብርተሽ ውስጡ አስቀምጪው፤ ብዙ ጊዜ ያ ይበቃዋል። የእህትሽ ችግር ተቃራኒው ነው። ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ባክቴሪያዎቹ ከይስቱ ቀድመው ይሮጣሉ፣ ስለዚህ ሊጡ ኩፍ ማለት ሳይጀምር ይኮመጥጣል። ኤሲ ያለበት ክፍል ታሳድረው፣ ወይም ማታ አቡክታ በማግስቱ ትጋግር።

«በጣም ከኮመጠጠ ሶዳ ልጨምርበት?» (ከመቀሌ)

ከአሲዱ ጋር ይጣላና ጣዕሙን ያለዝበዋል፣ ጋዝም ይሰጥሃል። ግን ለምጣድ ልታቀርበው ስትል፣ ያውም ቆንጠር አድርገህ ብቻ። ቀድመህ ከጨመርከው ጋዙ ሳይጋገር ያልቃል፤ ካበዛኸው ደግሞ እንጀራው ሳሙና ሳሙና ይላል። እርሾ የምታስቀረው ሶዳው ከመግባቱ በፊት ነው።