«የለመዱትን ልክፈላቸው?»፦ ለአነስተኛ ባለገንዘቦች ስለሚላክ የሩብ ዓመት ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በእኔና በባለቤቴ ስም በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ሆኖ የተመዘገበ አነስተኛ የዱቄት ፋብሪካ አለን። የእኛ 9 ሚሊዮን ብር ሲሆን ከኮምቦልቻና ከደሴ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ዘመድና የዕድር ወዳጆች፣ 6 ሚሊዮን ብር ጨምረውበታል። በየሩብ ዓመቱ መግለጫ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። ዘንድሮ ስንዴ ተወደደ፣ መብራት እየጠፋ ወፍጮው ቆመ፣ መለዋወጫም ጨመረና የሩብ ዓመቱ ትርፍ ከ520 ሺህ ወደ 180 ሺህ ብር ወረደ። የለመዱትን 300 ሺህ ብር ከሥራ ማስኬጃው ሞልቼ ልከፍላቸው፣ በደብዳቤውም በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንደሚካካስና ገንዘባቸው በእኔ እንደሆነ ልጽፍላቸው አስቤአለሁ። ሦስት አዲስ ሰዎችም ሊገቡ ነው። ደብዳቤው በሕግ ችግር ያመጣብኛል?»

መልስ፦ ትርፍ ቀነሰ ብሎ መጻፍ ችግር አያመጣብዎትም። የመመሥረቻ ጽሑፍዎ ወይም ከሰዎቹ ጋር ያደረጉት ውል ካላስገደደዎ በቀር የግል ማህበር በየሩብ ዓመቱ መግለጫ እንዲልክ አይጠበቅበትም፤ መላክዎ ግን መልካም ልማድ ነውና አያቋርጡት። ዓመታዊ ሂሳብ መዝጋት፣ ለአባላት ጉባኤ ማቅረብና መዝገብ መያዝ ግን ግዴታ ነው። ስለ ደብዳቤው ይህን ያህል ካልሁ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስላልጠየቁኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አደጋው ያለው በትርፉ መቀነስ ላይ ሳይሆን «የለመዱትን» ባሉት አንድ ቃል ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ፣ ማህበሩ በእርስዎና በባለቤትዎ ስም ብቻ ከተመዘገበ አሥራ ሁለቱ ሰዎች በሕግ ዓይን ምንድን ናቸው? ይህን አልነገሩኝም። የመመሥረቻ ጽሑፉ ተሻሽሎ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ጸድቆና በንግድ መዝገብ ገብቶ ስማቸው ካልሰፈረ፣ አባል ናቸው ብሎ መከራከር እጅግ ይከብዳል። ፈርመው የሰጧቸው ወረቀት ስለ ትርፍና ኪሳራ መጋራት የሚናገር ከሆነ የእሽሙር ማህበር፣ ማለትም በንግድ መዝገብ ሳይገባ በአባላቱ መካከል ብቻ የሚሠራ ሽርክና፣ አለ ሊባል ይችላል። ወረቀቱ «ይህን ያህል ተቀብያለሁ፣ በየሩብ ዓመቱ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ብድር ነው ወደማለት ማዘንበሉ አይቀርም። ወረቀት የሌላቸውም እንዳሉ እገምታለሁ፤ በወዳጅና በዕድር ሰው መካከል የተለመደ ነውና። እያንዳንዱ ሰው የያዘው ወረቀት ሳይታይ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለአሥራ ሁለቱም መላክ አልመክርዎትም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ሰዎቹ በእውነት ባለድርሻ ናቸው ብንል፣ ከ15 ሚሊዮን ብር ውስጥ 6 ሚሊዮኑ የእነሱ ስለሆነ ድርሻቸው 40 በመቶ ነው። የ180 ሺህ ብር 40 በመቶ 72 ሺህ ብር ነው። እርስዎ የምሞላው ጉድለት 120 ሺህ ብር ነው ብለው ያስባሉ፤ እንደ ድርሻቸው ከተሰላ ግን ከሚገባቸው በላይ የሚከፍሉት 228 ሺህ ብር ነው። ይበልጥ ያሳሰበኝ ያለፈው ሩብ ዓመት ነው። የ520 ሺህ ብር 40 በመቶ 208 ሺህ ብር ሆኖ ሳለ የከፈሏቸው 300 ሺህ ብር ነበር። እንግዲህ ደህና በነበረው ጊዜም ክፍያው ከትርፉ ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ትርፍ ሲወጣ የማይወጣ፣ ሲወርድ የማይወርድ፣ በየሩብ ዓመቱ የዋናው ገንዘብ 5 በመቶ የሆነ ክፍያ ስሙ ትርፍ ቢባልም ጠባዩ የወለድ ነው። በዓመት ሲደመር 20 በመቶ ይሆናል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መስማማትን አይፈቅድም።

ምናልባት 520 እና 180 ሺህ ያሉኝ አሥራ ሁለቱ ከተከፈላቸው በኋላ የቀረው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የሂሳብ ሠራተኛዎ ክፍያውን ወጪ አድርጎ መዝግቦታል ማለት ነው፤ ይህም ራሱ የእርስዎ መዝገብ ገንዘቡን ብድር ብሎ እንደተቀበለው ማስረጃ ይሆናል። ክፍያው በየትኛው የሂሳብ መደብ እንደገባና ግብር ተቀንሶበት እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይህ ነው፦ ከክፉ ሩብ ዓመት ላይ ሰውን ላለማስከፋት ሲሉ ከዋናው ገንዘብ ወይም ከሥራ ማስኬጃው አንስተው ይከፍሉና ደብዳቤው ላይ «የትርፍ ድርሻ» ብለው ይጽፉታል። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው በሂሳብ መግለጫ ከተረጋገጠ የተጣራ ትርፍ ብቻ ነው። የሌለን ትርፍ አከፋፍሎ የተገኘ ሥራ አስኪያጅ ለማህበሩም፣ ለአበዳሪ ባንኩም፣ ለስንዴ አቅራቢውም በግሉ ሊጠየቅ ይችላል፤ ማህበሩ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» መባሉም ከዚህ አያድነውም። የ180 ሺህ ብሩም ቢሆን ገና በኦዲተር አልተመረመረም፤ የማሽኑ እርጅና፣ የዓመቱ ግብርና ለመጠባበቂያ የሚያዘው ሳይቀነስ የሚከፋፈል ትርፍ አይባልም።

ጉዳቱ በሕግ ብቻ አይቆምም። የስንዴ ዋጋ በጨመረበት ወቅት የሥራ ማስኬጃው ለቀጣዩ ግዥ የሚያስፈልግዎ ገንዘብ ነው። ከእሱ 120 ሺህ ብር ሲያነሱ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሚፈጩት ስንዴ ያንሳል፤ ትርፉም ይበልጥ ይወርዳል፤ ያኔ የሚሞሉት ጉድለት ከዘንድሮው የባሰ ይሆናል። ከሦስቱ አዲስ ሰዎች የሚገባው ገንዘብ ወደዚህ ጉድለት ከሄደ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለአዲሶቹ «ፋብሪካው በየሩብ ዓመቱ 5 በመቶ ይከፍላል» ብሎ ነግሮ፣ ክፍያው ከትርፍ እንዳልሆነ መደበቅ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 በአታላይነት ሊያስከስስ ይችላል፤ አንቀጹ መግለጽ ሲገባ የተደበቀንም ፍሬ ነገር ይጨምራልና። ክፉ ሐሳብ እንደሌለዎት ከጥያቄዎ ይታየኛል፤ ሆኖም ዐቃቤ ሕግ የሚያነበው ቴሌግራሙንና የባንክ ዝውውሩን ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ እስኪጣራ ድረስ ከሦስቱ ሰዎች አንድ ብር እንዳይቀበሉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሰው እየጨመሩ መሄድም ገደብ አለው፤ የግል ማህበር አባላት ከ50 አይበልጡም፣ ድርሻውንም ለሕዝብ ማቅረብ አይችልም፤ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብም ክልክል ነው።

«ገንዘባችሁ በእኔ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከረቂቁ ያውጡት። በእኛ ዘንድ ማጽናኛ ነው፤ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ሲሆን ግን የግል ዋስትና ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ዋስትና በግልጽ መነገርና የዋሱ ኃላፊነት ጣሪያ በገንዘብ ልክ መጠቀስ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ይደነግጋል፤ እርስዎ «6 ሚሊዮኑ በእኔ ነው» ብለው ከጻፉ ልኩን በገዛ እጅዎ ሞሉት ማለት ነው። ቤትዎም ከባለቤትዎ ጋር ያላችሁ የጋራ ጥሪትም አብሮ ሊነካ ይችላል። «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይካካሳል» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘቡ ብድር ከተባለ ዕዳን ማመን ሆኖ ይቆጠራል፣ የይርጋውንም ጊዜ እንደ አዲስ ያስቆጥራል።

እንግዲህ ምን ይጻፍ? ምክንያቶቹን በብር ይከፋፍሏቸው። ትርፉ የቀነሰው በ340 ሺህ ብር ነውና የሦስቱ ምክንያቶች ድምር 340 ሺህ መምጣት አለበት፤ ለምሳሌ ስንዴ 190፣ ወፍጮው የቆመባቸው ሰዓታት 100፣ መለዋወጫ 50 ሺህ ሊሆን ይችላል። የስንዴውን በግዥ ደረሰኝ፣ የመብራቱን በፈረቃ መዝገብ፣ የመለዋወጫውን በፋክቱር ይደግፉ። መለዋወጫ የተወደደው የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ነው ብለው ብቻ አይጻፉ፤ ያለፈው ሩብ ዓመትም በዚያው ሥርዓት ውስጥ ስለነበር ልዩነቱን አያስረዳም። ድምሩ ከ340 ሺህ ካነሰ የቀረው የት ገባ የሚል ሰው ይነሣል። ለቤት ወይም ለሌላ ንግድ ከፋብሪካው ካዝና የወጣ ካለ፣ እባክዎ ለሌላ ሰው ከመታወቁ በፊት ለጠበቃዎ ይንገሩ።

ዕቅዱን በተመለከተ የተደረገውን፣ የተወሰነውንና የሚታሰበውን ለይተው ይጻፉ። ስንዴ በመኸር ወቅት ለመግዛት ማሰብ ዕቅድ ነው፤ ፉርሽካውን ለከብት አደላቢዎች ለማቅረብ ውል መፈረም የተደረገ ነገር ነው። ጄኔሬተር ለመግዛት ካሰቡ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይናገሩ። ለረቂቅ መነሻ የሚሆንዎ አገላለጽ ይህን ይመስላል፦ «በኦዲተር ያልተመረመረው የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሂሳብ 180 ሺህ ብር ትርፍ ያሳያል። ቀደም ሲል በቋሚነት ይከፈል የነበረው ገንዘብ ከትርፉ ጋር ያልተያያዘ በመሆኑ ሂሳቡ እስኪጣራ ድረስ ክፍያ አይፈጸምም። ከዚህ በታች የተገለጹት እርምጃዎች የታሰቡ እንጂ የተረጋገጠ ውጤት ተስፋ አይደሉም።» ይህ አገላለጽ ሰውን ያስከፋ ይሆናል። ከሰዎቹ መካከል ቋሚ ክፍያ በውል የተጻፈላቸው ካሉ ደግሞ ማቆሙ ራሱ ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላልና፣ ውሉ ሳይታይ ይህን ቃል እንዳለ እንዳይልኩት።

ከመላክዎ በፊት የመመሥረቻ ጽሑፉን፣ ለአሥራ ሁለቱ የሰጧቸውን ወረቀቶች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የላኳቸውን የቴሌግራም መልእክቶችና የባንክ መግለጫውን ይዘው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። ከመልእክቶቹ ውስጥ አንዱንም አያጥፉ፤ ማጥፋት ከመልእክቱ የከፋ ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰዎቹን በአካል ሰብስበው፣ በባለድርሻነት መመዝገብ የሚፈልገውን ከአበዳሪው ለይተው፣ የሁሉንም ፈቃድ በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ። በባለድርሻነት ለሚቀጥሉት የመመሥረቻ ጽሑፉ ተሻሽሎ ይመዝገብ፤ ለሌሎቹ የብድር ውል ከሕጉ የወለድ ጣሪያ ሳያልፍ ይጻፍ። እኔ የጻፍኩት በላኩልኝ ጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ ተመሥርቼ ስለሆነ፣ ሰነዶቹ ሲታዩ መልሱ ሊለወጥ ይችላል፤ 300 ሺህ ብሩ ግን እስከዚያው ድረስ ከባንክ አይውጣ።