ሰነፍ ዓይን፦ ለምን ደኅናው ይሸፈናል?

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። ዓይኗ አይንሸዋረርም። በምርመራ ግራ ዓይኗ ሰነፍ ነው ተባለ፤ የታዘዘላት ግን መነጽር ብቻ ነው። መሸፈኛው ተረስቶ ይሆን? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አልተረሳም። በላኩልኝ ወረቀት ላይ የቀኝ ዓይኗ የመነጽር ቁጥር +1.00፣ የግራው +4.50 ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ አንጎል ከአንዱ ዓይን የጠራ፣ ከሌላው የደበዘዘ ምስል ይደርሰዋል። ሁለቱን ማጣመር ሲያቅተው የደበዘዘውን ችላ ማለት ይለምዳል። ስንፍናው ያለው እንግዲህ አንጎል ውስጥ ነው፤ ዓይኗ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለው ለዚህ ነው። በቀኟ አጥርታ ስለምታይም አታማርርም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለግራ ዓይኗ የጠራ ምስል ማድረስ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርገው መነጽሩ ነው። ከእንቅልፏ ከነቃችበት እስከምትተኛበት ታድርገው። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ብዙ ልጆች ይሻሻላሉ፤ ከአራት አንዱ ያህል በመነጽር ብቻ ይድናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ምንም አልጨመረልኝም» ብትል አይደንግጡ፤ አንጎሏ የግራውን ምስል ማንበብ ገና እየተማረ ነው። የግራ ዓይኗ ልኬት 6/24 ነው፤ ሌላው ሰው ከ24 ሜትር የሚለየውን ፊደል እሷ የምትለየው ከ6 ሜትር ነው ማለት ነው። ልኬቱ በመነጽሩ ተሻሽሎ፣ ለምሳሌ 6/15 ላይ ደርሶ፣ ከቆመ ያኔ አንጎሏ ግራውን እንዲጠቀም ደኅናውን ዓይን የሚሸፍን መሸፈኛ ይጨመራል።

ጥያቄ፦ ለ4 ዓመት ልጃችን «በቀን 2 ሰዓት ደኅናውን ዓይን ሸፍኑ» ተባልን። 6 ሰዓት ብናደርገው ቶሎ አይድንም? (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ስንፍናው መካከለኛ ከሆነ፣ ማለትም ልኬቱ ከ6/12 እስከ 6/24 ከሆነ፣ አይፈጥንም። እዚያው አሜሪካ በተደረገ ጥናት 2 ሰዓትም 6 ሰዓትም የሸፈኑ ልጆች ከ4 ወር በኋላ እኩል ተሻሽለው ተገኝተዋል። 6 ሰዓት የሚታዘዘው ስንፍናው ሲብስ ነው። ያለ ትእዛዝ ማብዛት ደኅናውን ዓይን ራሱን ሊያሰንፈው ይችላል፤ በየቀጠሮው ሁለቱም ዓይኖች የሚለኩት ለዚህ ጭምር ነው።

ይልቅ 2ቱ ሰዓት እውነተኛ ይሁን። መነጽር ላይ የሚንጠለጠለውን ጨርቅ ልጆች በአፍንጫቸው በኩል አሾልከው ያዩበታል፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ይሻላል፣ መነጽሩ ከላዩ ይደረጋል። ከዚያ ጥቃቅን ነገር ስጡት፦ ሥዕል ያቅልም፣ ምስር ይልቀም።

ጥያቄ፦ ልጄ መሸፈኛውን እየነቀለች አስቸገረችኝ። ሐኪሟ ቅዳሜና እሑድ አትሮፒን 1 በመቶ በደኅናው ዓይን አንድ አንድ ጠብታ አድርጊላት አለችኝ። ደኅናውን ማደብዘዝ አያስፈራም? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማደብዘዙ ራሱ ሕክምናው ነው። አትሮፒን ዓይን ቅርብ ነገር ለማየት የሚጠቀምበትን ጡንቻ ለጊዜው ያዝለዋል። ልጅሽ መጽሐፍ ስታይ ደኅናው ዓይን ስለሚደበዝዝ አንጎሏ ወደ ሰነፉ ይዞራል። መድኃኒቱ ለቀናት ስለሚቆይ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ መካከለኛ ስንፍና ላይ በየቀኑ ከማድረግ ያነሰ ውጤት አላሳየም። ገደብም አለው፦ ስንፍናው በጣም የከፋ ከሆነ የደበዘዘው ዓይን አሁንም ከሰነፉ ሊበልጥ ስለሚችል አንጎል ላይዞር ይችላል።

ጠብታውን ስታደርጊ የዓይኗን ጥግ በአፍንጫዋ በኩል ለ2 ደቂቃ ያህል በጣትሽ ተጫኚ፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮዋ እንዳይወርድ ነው። ብሌኗ ሰፍቶ ስለሚቆይ ፀሐይ ያስቸግራታል፣ ባለ ጥላ ኮፍያ አድርጊላት። ፊቷ ከቀላ፣ ካተኮሳት፣ አፏ ከደረቀ፣ ልቧ በፍጥነት ከመታ ወይም ከቃዠች ግን ጠብታውን አቁመሽ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰጃት። ብልቃጡን ቆልፊበት፤ ቢጠጣ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ «ሲያድግ ይስተካከላል» ትላለች። ልጄ ግን 9 ዓመት ሞልቶታል፤ አልፎበት ይሆን? (አባት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ በራሱ አይስተካከልም፤ ግን አላለፈበትም። አንጎል እይታን የሚማረው በልጅነት ስለሆነ ከ7 ዓመት በፊት የተጀመረ ሕክምና የተሻለ ይሠራል። ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ ብዙ ልጆችም ይሻሻላሉ፣ ከትንንሾቹ ያነሰ ቢሆንም። በዚህ ወር ያስመርምሩት። ጊዜ ፈጽሞ የማይሰጠው አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ ነው፤ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል። የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ የልጄ ዓይን 6/6 ደረሰ። መሸፈኛውን ልጣለው? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ገና ነው። ካቆሙት ልጆች ከአራት አንዱ ያህል በመጀመሪያው ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በተለይ 6 ሰዓት ይሸፍኑ የነበሩት በአንድ ጊዜ ሲያቆሙ። ሐኪሙ መጀመሪያ ወደ 2 ሰዓት ያወርደዋል፣ ከዚያ ያቆመዋል፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ ይለካዋል። መነጽሩ ግን አይወልቅም።