ሠላሳ ጆንያ የሐረር ቡና የት ይለጠፋል? ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ። ቡናችሁን ኢንተርኔት ላይ ለውጭ ገዢ ስለማቅረብ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ስንት ጆንያ አላችሁ? ጥሬ ነው የተቆላ? እሱን ካላወቅኩ መልሴ አይረባችሁም። ጠያቂውን በሰፈሩ ስም እጠራለሁ።

ለገሃሬ፦ ጋሼ፣ ለቡና የትኛው ድረ-ገጽ ይሻላል?

መልስ፦ ስንት ጆንያ? ጥሬ ነው የተቆላ? ላይ ጽፌዋለሁ።

ከዚራ፦ 30 ጆንያ ያልታጠበ የበዴኖ ቡና አለኝ፣ ጥሬ ነው። የላኪ ፈቃድ አለኝ። አሊባባ ላይ ልለጥፈው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። 30 ጆንያ በ60 ኪሎ 1,800 ኪሎ ይሆናል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ደግሞ 320 ጆንያ ያህል ይይዛል። አንድ አስረኛውን እንኳ አትሞላም። አሊባባ ላይ ቡና የሚፈልገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኮንቴይነር ነው የሚያስበው። መጀመሪያ የሚያየው ትንሹ የትእዛዝ መጠን ስንት እንደሆነና የቶኑን ዋጋ ነው። የበዴኖ ቡናህ እዚያ ከሌላው ሁሉ ጋር በዋጋ ብቻ ይወዳደራል። በዋጋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙ ያለው ያሸንፍሃል።

ላንተ የሚሆነው ቡና በሎት፣ ማለት በትንሽ በትንሹ ተለይቶ፣ የሚቀርብበት ገበያ ነው። የስዊዘርላንዱ አልግራኖ አንዱ ነው። ቡና የሚቆሉ ገዢዎች ጥቂት ጥቂት ጆንያ ያዝዛሉ፣ ትእዛዙ ከሌሎች ቡና ጋር ተደምሮ ኮንቴይነር ይሞላል። እዚያ ቡናው ከየት ቀበሌ እንደመጣ፣ እንዴት እንደደረቀ፣ ቅምሻው ምን እንዳለ ይነበባል። ችግሩ ጊዜው ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣው ቡና ተሰባስቦ የሚጫንበትን ወር ከመለጠፍህ በፊት ጠይቃቸው። ያ ካለፈህ ቡናህ መጋዘን ውስጥ ያረጃል።

አሊባባ መጥፎ ነው አላልኩም። ከጎረቤት ላኪዎች ጋር ሆናችሁ ኮንቴይነር ከሞላችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። ለአውሮፓ ከሆነ ደግሞ የየገበሬውን ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ ከአሁኑ ሰብስብ። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና የሚከለክለው ሕጋቸው የሚጀምርበት ቀን ተራዝሟል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ገዢዎቹ ከወዲሁ እየጠየቁ ነው።

ሰቢያን፦ በዴኖ ገና ቡና አለ እንዴ? ሁሉም ጫት ሆኗል ሲሉ ነው የምሰማው።

ከዚራ፦ አቦ አለ! አጎቴ ራሱ አልነቀለም።

ሰቢያን፦ አጎትህ አንድ ሰው ነው። ጫት በሳምንት ብር ያመጣል፣ ቡና በዓመት አንዴ። ማን ይፈርድበታል?

መልስ፦ ይሄን ሌላ ቀን እናውራው። ቀጣይ።

ገንደ ቆሬ፦ እሺ ለጠፍኩ እንበል። ምን ብዬ ነው የምጽፈው? እኔ «ምርጥ የሐረር ቡና» ብዬ ነበር፣ ማንም አልጻፈልኝም።

መልስ፦ «ምርጥ» ሁሉም ይላል። ገዢው በርዕሱ ብቻ ሎቱን መለየት አለበት። የከዚራ ቡና በ2014 የደረሰ ቢሆን ኖሮ እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

```
Harrar (Harar) Natural, Bedeno, Crop 2021/22,
30 x 60 kg, FOB Djibouti, SAS NANS
```

ስሙን በሁለቱም አጻጻፍ ያስገባሁት ገዢው በአንዱ ወይ በሌላው ስለሚፈልግ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ገዢው ናሙናውን ቀምሶ ካልተቀበለ ሽያጭ የለም ማለት ነው። እሱን ስታዩ አትፍሩ። ትንሽ ላኪን የሚያምን ገዢ የሚገኘው በዚህ ነው።

ዓመቱን ግን አደራ። እኔ ራሴ የተጎዳሁበት ነው። በ2014 የደረሰውን ቡና ለጥፌ «Crop 2014» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ አቆጣጠር አዲስ ቡና ነው። ሁለት ወር ዝም። በኋላ አንድ ቡና የሚቆላ ገዢ ጻፈልኝ፦ ሰባት ዓመት ያለፈው ቡና ለምን በዚህ ዋጋ ይሸጣል? አለኝ። ያን ቡና ማንም የዘለለው በጣዕሙ አልነበረም። ስለዚህ በ2014 ጥቅምት ላይ ተለቅሞ ጥር ላይ ያለቀ ቡና በእነሱ አቆጣጠር በሁለቱ ዓመት ይጻፋል፣ 2021/22።

መጋላ፦ ዋጋውን በኪሎ ዶላር ጻፉ፣ ሁሉም ይገባዋል። ፓውንድ ምናምን አያስፈልግም።

መልስ፦ ለአውሮፓ ልክ ነህ፣ በኪሎ ያስባሉ። አሜሪካዊው ግን የኒውዮርክን ገበያ ነው የሚያየው፤ እሱ ደግሞ በፓውንድ ሳንቲም ነው። እኛ እዚህ በፈረሱላ እንገዛለን፣ 17 ኪሎ ነው። ለምሳሌ ፈረሱላው ወጪው ሁሉ ተደምሮ ጅቡቲ ድረስ 112 ዶላር ከወጣ፣ ኪሎው 6.59 ገደማ ነው። በ2.2046 ስታካፍሉት ፓውንዱ 2.99 ይሆናል። ማካፈል ነው፣ ማባዛት አይደለም። አንድ ወዳጄ አባዝቶ ለጥፎ ገዢ ሁሉ ሸሽቶታል።

ሌላው፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ጻፉ። ከሦስት ወር በፊት የለጠፋችሁትን ዋጋ ይዞ የሚመጣ ገዢ አለ። ያኔ ገበያው ከፍ ብሎ ከሆነ ውሉን የቡናና ሻይ ባለሥልጣን አይመዘግብላችሁም፤ ዝቅተኛ ዋጋ ወስኗል።

መጋላ፦ ለዚህ እኮ ነው ዋጋ ጭራሽ የማልጽፈው። «ይጠይቁ» ብዬ እተዋለሁ።

ገንደ ቆሬ፦ ዋጋ የሌለውን ማን ይጠይቃል? እኔ ራሴ ስገዛ አልፈዋለሁ።

መጋላ፦ እኔ ግን እንደዛ አድርጌ ሸጫለሁ።

መልስ፦ ሁለቱንም አይቻለሁ። ሎቱ ትንሽና የተለየ ከሆነ ዋጋ መጻፉን እመርጣለሁ። መጋላ ግን ደንበኞቹ ቀድመው የሚያውቁት ይመስለኛል።

ድል ጮራ፦ ቡና ቆልቼ በግማሽ ኪሎ አሽጌ አማዞን ላይ መሸጥ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የኔ ሙያ ጥሬ ቡና ነው። የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። አማዞን መጋዘኑ ቢያስቀምጥልሽም አስመጪ ሆኖ አይቆምልሽም። አሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ ተመዝግበሽ እዚያ ወኪል መያዝ አለብሽ። ጀርመን ደግሞ ለተቆላ ቡና በኪሎ 2.19 ዩሮ ግብር አለ። የተቆላው ቡና መንገድ ላይ ሳለ መዓዛው ይሄዳል። ከዚህ በላይ የሠራበትን ጠይቂ።

አፈተ ኢሳ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ገባሁ። የትኛው ድረ-ገጽ ነው የሚሻለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለከዚራ የመለስኩትን አንብብ።

ደቻቱ፦ አንድ ገዢ 5 ኪሎ ናሙና ላክ አለኝ። ትልቅ ውል አለ፣ ግን ሀገሩ ላይ ማስመዝገቢያ 400 ዶላር ቀድመህ ክፈል ይላል። 10 ኮንቴይነር ነው የሚፈልገው!

መልስ፦ አትክፈል። ናሙናውንም አትላክ። ጥሬ ቡና የሚገዛ ሰው ለቅምሻ 300 ግራም ይበቃዋል። የፖስታውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ይችላል። ሻጩን ማስመዝገቢያ የሚያስከፍል ገዢ ሌባ ነው። አሁንም ቡና ሳይቀምስ 10 ኮንቴይነር ማዘዙን አስተውል።

ከዚራ፦ ለናሙናው የተለየ ምርጥ ፍሬ ልልቀም?

መልስ፦ አይሆንም! ይሄን ሁሌ እላለሁ፣ አሁንም እላለሁ፦ ናሙናው ከጆንያዎቹ ይውጣ። ከ30ዎቹ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አውጣ፣ አደባልቅ፣ ለሦስት ክፈል። አንዱን ላክ፣ አንዱን አስቀምስ፣ አንዱን ስምና ቀን ጽፈህበት ቆልፈህ አስቀምጥ። እርጥበቱንም ለካ፣ ከ12 በመቶ ካለፈ መጀመሪያ አድርቅ። ከመጫኑ በፊት ሌላ ናሙና ይጠይቁሃል፤ ያኔ የለቀምከውና የጫንከው ካልተመሳሰለ ቡናው ጅቡቲ ይቆማል፣ አንተ የመጋዘን ኪራይ ትከፍላለህ።

ከዚራ፦ እሺ። ነገ ጠዋት ጆንያዎቹን እከፍታለሁ።

መልስ፦ ስትከፍት የቅምሻውን ወረቀት ላክልኝ፣ ከመለጠፍህ በፊት ርዕሱን አብረን እንጽፈዋለን።