ጓሮ ላይ የበቀለ ነጭ እንጉዳይ፦ ፎቶው ለምን አይበቃም

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከሰሞኑ ዝናብ በኋላ ጓሮዬ ሳሩ ላይ ትልልቅ ነጭ እንጉዳይ ወጣ። ጅማ እያለን እናቴ ኩይሳ አጠገብ እየለቀመች የምትጠብስልንን ይመስለኛል። አራት ፎቶ አያይዣለሁ። ይበላል ወይስ አይበላም?»

እህቴ፣ አትብዪው፤ ለልጆችም እንዳታቀምሻቸው። ከላይ «እኛም ሀገር ቤት እንበላው ነበር፣ ምንም አይልም» ያላችሁ ወገኖች በቅን ልብ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ከአራቱ ፎቶ ውስጥ እንዲህ ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር የሚያበቃ ነገር አላየሁም። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እንጉዳይ ስለቅም ዓመታት አልፈዋል። በእጄ ይዤ አገላብጬው እንኳ ቁርጡን ሳላውቅ የጣልኩት ብዙ ነው።

በመጀመሪያ የእናትሽን እንጉዳይ ከዚህኛው እንለየው። ኩይሳ አጠገብ የሚወጣው የምስጥ እንጉዳይ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ተርሚቶማይሰስ ይባላል። ምስጦቹ ቅጠልና እንጨት እያመጡ ከመሬት በታች ጎጇቸው ውስጥ ያለሙታል፣ ይመገቡታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን የሚያለሙት ምስጦች የሚገኙት በአፍሪካና በእስያ ነው። የአሜሪካ ምስጥ የቤት እንጨት ይበላ እንደሆነ እንጂ እንጉዳይ አያለማም። ስለዚህ ጓሮሽ ላይ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ እናትሽ የጠበሰችው ሊሆን አይችልም። ይህን የነገረን ፎቶው ሳይሆን አገሩ ነው።

ታዲያ ምን ሊሆን ይችላል? በዚህ ወቅት እዚህ አካባቢ ሳር ላይ ከሚወጡት ትልልቅ ነጭ እንጉዳዮች ውስጥ ሁለቱ ናቸው እኔን የሚያሳስቡኝ። አንደኛው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ ነው። ጎኑ ነጭ ሆኖ አናቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት አለው፣ ሲዘረጋ እንደ ሳህን ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም ክብ ሠርቶ ይበቅላል። የበላው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገድልም። ሁለተኛው አማኒታ ባይስፖሪጄራ ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ንጹሕ ነጭ፣ ለዓይን የሚያምር። እሱ ጉበት ያጠፋል። የሚበቅለው ከኦክና መሰል ዛፎች ሥር ጋር ተጣምሮ ስለሆነ፣ ጎረቤትሽ ኦክ ካለው ሥሩ አጥርሽን አልፎ ሊመጣ እንደሚችል አትርሺ።

አሁን ወደ ፎቶዎችሽ ልምጣ። የመጀመሪያው ከላይ የተነሳ ነው፤ የሚታየው ቆቡ ብቻ። ከላይ ሲያዩት ደግሞ የሚበላውም የሚገድለውም ነጭ ክብ ነገር ነው። ሁለተኛው ሳፋ ውስጥ ታጥቦ ነው። ያ የአናቱ ቅርፊት በዝናብም በእጥበትም ይለቃል፤ ስለዚህ በፎቶው ላይ ቅርፊት አለመታየቱ በፊትም አልነበረም ማለት አይደለም። ሦስተኛው ላይ ከቆቡ ሥር ያሉት ሽንሽኖች ይታያሉ፤ ግን የወጥ ቤቱ አምፖል ቢጫ ነው፣ ስልኩም በራሱ ጊዜ ቀለሙን ያስተካክላል። ነጭ፣ ክሬም፣ ሐመር ሮዝና ግራጫ አረንጓዴ እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ፤ እኛ ደግሞ መለየት የሚያስፈልገን እነሱኑ ነው። አራተኛው ላይ እግሩ በቢላዋ ከመሬት እኩል ተቆርጧል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ለምን ብትዪ፣ የአማኒታ ዋና ምልክት ያለው መሬት ውስጥ ነው። ገና ሲበቅል ሙሉ አካሉ በስስ ነጭ ሽፋን ተጠቅልሎ እንቁላል መስሎ ይቀመጣል። ሲያድግ ሽፋኑን ቀዶ ይወጣና ቅዳጁ እግሩ ሥር እንደ ከረጢት ሆኖ ይቀራል። ከረጢቱ ስስ ነው፤ ጎትተሽ ከነቀልሽው አፈር ውስጥ ይቀራል፣ በቢላዋ ከቆረጥሽውም እንደዚያው። ስለዚህ አንድ ያልተነካ ፈልጊና ከእግሩ ጣት ያህል ራቅ ብለሽ በማንኪያ ወይም በትንሽ መቆፈሪያ ዙሪያውን ቆፍሪ፤ ከነአፈሩ ብድግ አድርገሽ አውጪውና አፈሩን በጣትሽ ቀስ እያልሽ አራግፊ። አትፍሪ፤ መርዙ የሚጎዳው ሲበላ እንጂ ሲነካ አይደለም፤ ጨርሰሽ እጅሽን መታጠብ ይበቃል። እግሩ ሥር እንደ ቦርሳ አፍ የተከፈተ ስስ ነጭ ሽፋን ካየሽ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም። ካላየሽ ግን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ ተበጣጥሶ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ መኖሩ ይፈርድበታል፤ አለመኖሩ ግን አያጸድቀውም።

አጠገቡ ገና ያልተከፈቱ፣ ድብልብል ያሉ ትንንሾች ካሉ አንዱን ከአናቱ እስከ ሥሩ ለሁለት ሰንጥቂው። እንደ ፓፍቦል ያለ የሚበላ ዓይነት ከሆነ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነጭ ነው፤ ሌላ ምንም አይታይበትም። ያልተከፈተ አማኒታ ከሆነ ግን የቆቡ፣ የሽንሽኑና የእግሩ ቅርጽ በስሱ ተስሎ ይታያል። ከውጭ ሁለቱም ነጭ እንቁላል ስለሚመስሉ ሳይሰነጠቅ የተነሳን ፎቶ አይቶ የሚፈርድ ሰው እየገመተ ነው።

ቀጥሎ ሽንሽኑን በቀን ብርሃን፣ ደጅ አውጥተሽ እዪው፤ ግን ከአንድ ሳይሆን ከሕፃኑም፣ ከጎልማሳውም፣ ከአሮጌውም። ክሎሮፊለም ሰውን የሚያታልለው በዚህ ነው። ለጋ ሳለ ሽንሽኑ ነጭ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ሲያረጅና ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዱቄት የደቀቀው ዘሩ፣ ሲበስል ነው። ሰው ደግሞ የሚለቅመውም ፎቶ የሚያነሳውም ለጋውንና የሚያምረውን ነው፤ ምስክር የሚሆነው አሮጌው እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ እያለ። እግሩ ላይ ያለውን ቀለበትም በጣትሽ ሞክሪው። የክሎሮፊለም ቀለበት ብዙ ጊዜ እንደ ጣት ቀለበት ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የአማኒታው እንደ ቀሚስ ጫፍ ተጣብቆ ይንጠለጠላል። ቀለበት በዝናብ ሊረግፍም ይችላል።

ከዚያ የስፖሩን ቀለም ማየት አለብሽ፤ ይህ አንድ ሌሊት የሚፈጅ ስለሆነ ማንም በፎቶ ሊሠራልሽ አይችልም። በደንብ የተከፈተ ቆብ ወስደሽ እግሩን ከሥሩ ቁረጪው፤ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርገሽ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ነፋስ እንዳይነካው ሳህን ድፊበትና እስኪነጋ ተዪው። ጠዋት ቆቡን ስታነሺው የሽንሽኑ መስመር በዱቄት ታትሞ ታገኛለሽ። ሁለት ቀለም ወረቀት ያስፈለገው ነጭ ስፖር ነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው፤ «ምንም አልወጣም» ብለው የሚጥሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። በመስኮት ብርሃን ስታዪው አረንጓዴ ከሆነ ክሎሮፊለም ነው፤ ጥዪው። ጥቁር ቡናማ ከሆነ ሱፐርማርኬት ከምንገዛው ነጭ እንጉዳይ ዘመዶች፣ ከአጋሪከስ ወገን ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ከዚያው ቤተሰብ ሆድ የሚያውኩ አሉ፦ የእግሩ ሥር ሲፋቅ ወዲያው ደማቅ ቢጫ የሚሆኑና እንደ ቀለም ወይም እንደ ሆስፒታል የሚሸቱ። ያንን ሽታ በየትኛው ፎቶ ታገኚዋለሽ?

ነጭ ከሆነስ? የሚበሉ ጥቂት ዓይነቶች ነጭ ስፖር አላቸው፤ አማኒታውም ነጭ ነው። ስለዚህ ነጭ ስፖር «ክሎሮፊለም አይደለም» ይላል እንጂ «ብዪ» አይልም። እኔ በበኩሌ ነጭ ስፖርና ነጭ ሽንሽን ያለው፣ እግሩ ላይ ቀለበት የታሰረ የጓሮ እንጉዳይ ወደ ድስት አላስገባም። እንበላለን የሚሉ የሠለጠኑ ለቃሚዎች አሉ፤ ይሁንላቸው።

«ትል ከበላው መርዝ የለውም»፣ «ውሃውን ደፍቶ ደጋግሞ መቀቀል ነው» ያላችሁም አላችሁ። ትል አማኒታንም ይበላል፤ የእሱ አካል የእኛ አካል አይደለም። የአማኒታው መርዝ ደግሞ በመቀቀልም፣ በመጥበስም፣ በማድረቅም አይጠፋም። «ትንሽ ቀምሼ ካደርኩ ደህና ነው» የሚለውም አይሠራም፤ ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። ማታ የበላ ሰው ሆዱ ሰላም ሆኖ ሊተኛ ይችላል። ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ በማግስቱ ገደማ ተሽሎት «አለፈ» ይላል። ጉበቱ የሚጎዳው በዚያው በተሻለው ጊዜ ነው።

ቁርጡን ማወቅ ከፈለግሽ በዋሽንግተን አካባቢ እንጉዳይ የሚያጠኑና የሚለቅሙ ሰዎች ማኅበር አላቸው። ሙሉውን ከነሥሩ፣ ለጋውንም አሮጌውንም፣ የታተመበትን ወረቀትም ይዘሽ ሂጂ። በፌስታል አትያዢው፤ አልቦ ይበሰብስና ምልክቱ ይጠፋል። የወረቀት ከረጢት ይሻላል። የበቀለበትን ቦታና በቅርብ ያሉትን ዛፎችም ጻፊላቸው። ፎቶ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይነቀል ያለበትን ቦታ ለማሳየት።

ቤት ውስጥ የቀመሰ ሰው ካለ ደግሞ ሕመም እስኪጀምረው አትጠብቁ፤ አሁኑኑ 1-800-222-1222 ደውሉ። የመርዝ መረጃ መስመር ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ክፍያ የለውም፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ራሱን የሳተ ወይም መተንፈስ ያቃተው ካለ 911 ነው። ከበሰለውም ካልበሰለውም የተረፈውን፣ የጣልሽው ልጣጭም ቢሆን ከቆሻሻው አውጥተሽ በወረቀት ጠቅልለሽ ሐኪም ቤት ውሰጂ። የበላችሁበትን ሰዓትና የመጀመሪያው ሕመም የጀመረበትንም ሰዓት ጻፊ፤ ሐኪሞቹ አስቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው።