«በአንድ ወር ይከፈላል» ብላችሁ አትጻፉ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ ስሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ለድርጅት በዱቤ መሸጥ ለጀመራችሁት ነው። የመጀመሪያውን የዱቤ ደረሰኝ ስትቆርጡ የመክፈያውን ቀን እንዴት እንደምትጽፉ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ለአንድ ሆቴል የ86 ሺህ ብር ዕቃ ሸጥኩ። ደረሰኙ ላይ «በዱቤ፣ በአንድ ወር ይከፈላል» ብዬ ጻፍኩ። አብዛኛው ዕቃ ነሐሴ 20 ገባ። የጎደለው ቧንቧ ግን መስከረም 6 ነው የደረሰው። እኔ ከነሐሴ 20 ቆጠርኩና መስከረም 20 እከፈላለሁ አልኩ። ግምጃ ቤቱ ዕቃው ተሟልቶ ከገባበት ቀን ቆጠረ። ፋይናንሱ ደግሞ ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ ከደረሰበት ከመስከረም 14። ገንዘቡ የወጣው ጥቅምት 14 ነው። እኔ ለአዲስ አበባው አከፋፋይ የምከፍለው መስከረም 25 ነበርና ተበድሬ ከፈልኩ። ማንም አልዋሸኝም። ወሩ ከየት እንደሚጀምር የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው።

የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ጳጉሜን አለችበት። ከነሐሴ 20 ጀምሮ 30 ቀን ብትቆጥሩ፣ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን መስከረም 15 ላይ ትደርሳላችሁ። «አንድ ወር» ያለው ሰው ግን መስከረም 20ን ነው የሚጠብቀው። በዚህ ላይ የገዢው ሒሳብ ክፍል በፈረንጅ ቀን የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀኑን ራሱን ጻፉት፤ ቢቻል በሁለቱም አቆጣጠር። እንዲህ በሉ፦ «ዕቃውን ገዢው ነሐሴ 20 ተረክቧል። የተረከበው ዕቃ ሙሉ ክፍያ እስከ መስከረም 15 ይከፈላል። የሚቀረው ዕቃ ሲደርስ በራሱ ደረሰኝ ይታሰባል።» ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብትኖረኝ ኖሮ፣ ለጥቂት ቧንቧ ብለው ሙሉውን ብር ባልያዙብኝ ነበር። ደረሰኙ ላይ ቦታ ከጠበበ ማስረከቢያው ላይ ጻፉት፤ የደረሰኙን ቁጥርም ጥቀሱ። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁ አይረሳ። ገዢው ከክፍያው ላይ የዊዝሆልዲንግ ግብር የሚቀንስ ከሆነ፣ የተቀነሰበትን ደረሰኝ እንዲሰጣችሁ እዚያው አስፍሩ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዕቃው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ብቻችሁን የጻፋችሁትን ገዢው «አልተስማማሁም» ሊላችሁ ይችላል። በተለይ የመዘግየት ቅጣት ከሆነ። ስለዚህ ውሉን ገና ፕሮፎርማው ላይ አስገቡት። ዕቃው ሳይጫን ከሚያዘው ሰው ጋር ተነጋገሩ። ሲረከብ ስሙን ጽፎ ይፈርም፤ ማህተምም ይምታበት። የዘበኛ ፊርማ ይዛችሁ አትመለሱ።

ከመክፈያው ቀን አምስት ቀን ቀደም ብላችሁ ፋይናንሱ ጋ ደውሉ። «ሰነዱ ደርሷችኋል? የጎደለ ፊርማ አለ?» በሉ። የጎደለ ካለ ቀኑ ሳያልፍ ሄዳችሁ ታሟሉታላችሁ።