«ባለፈው ወር ምንም አልሆንኩም» ለምትል ደንበኛ የሚለጠፍ ማስታወቂያ

ጥያቄ፦ «ደሴ ላይ አነስተኛ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ከለር ከመቀባቴ በፊት ቆዳ ላይ ሙከራ ላድርግ ስል ደንበኞቼ ‹ባለፈው ወር አንቺው ቀብተሽኝ ምንም አልሆንኩም፣ ደግሞ የምን ሙከራ ነው?› ብለው ይቆጣሉ። ግድግዳ ላይ ምን ብዬ ልለጥፍ?»

አብሽሪ እህቴ። ደንበኞችሽ የሚሉት ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ማስታወቂያሽም መመለስ ያለበት እሱኑ ነው። «ለጤናዎ ሲባል» የሚል ወረቀት ብትለጥፊ ማንም አያነበውም። «ባለፈው ደህና ከነበርኩ ዛሬስ ለምን?» የሚለውን በሁለት መስመር ከመለሰ ግን ያነቡታል። እንዲያ ለመጻፍ መጀመሪያ ነገሩን ራስሽ አጥርተሽ መያዝ አለብሽ።

ጥቁርና ቡናማ ቋሚ ቀለሞች አብዛኞቹ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ንጥረ ነገር ወይም የቅርብ ዘመዱን ይይዛሉ። ባጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ጠቆር ያሉት ቀለሞች ከነጣ ያሉት የበለጠ አላቸው። ይህ ነገር አለርጂ የሚያመጣው እንደ ሚጥሚጣ ነክቶ ወዲያው በማቃጠል አይደለም። መጀመሪያ ወደ ቆዳ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ሴሎች «ባዕድ ነው» ብለው ሊይዙት ይችላሉ። ይህ ሲሆን ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ሴትየዋም በዚያ ሁሉ ጊዜ ምንም አይሰማትም። በሌላ ቀን ያው ነገር ቆዳዋን ሲነካ ግን ሴሎቹ ያውቁታል፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቦታው ላይ ተሰብስበው ያሳክካሉ፣ ያሳብጣሉ። በሁለተኛው ቅብ ሊሆን ይችላል፣ ለ20 ዓመት ሽበቷን ስትቀባ በኖረች ሴት ላይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያለፈው ወር ደህንነት ለዛሬ ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ሰውነቷ ቀለሙን የተዋወቀው በዚያ ቀን ሊሆን ይችላል። የሙከራው ጥያቄ «ይህ ቀለም ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ቆዳዋ ዛሬ ይህን ቀለም ያውቀዋል ወይ?» ነው። መልሱ በሁለት ቅብ መካከል ይለወጣል።

እኛ ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህን መልስ የሚለውጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የሠርግ ጥቁር ሂና። ንጹሕ የሂና ቅጠል ከብርቱካንማ እስከ ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር ቀለም አይሰጥም፤ እስኪይዝም ሰዓታት ይፈጃል። እንሶስላም ቀይ ነው። በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ድፍን ጥቁር የሚያደርግ «ሂና» አብዛኛውን ጊዜ የፀጉር ቀለም ዱቄት የተጨመረበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተደባልቆ ፀጉር ላይ የሚውለው ፒፒዲ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ተመርምረው ከ10 በመቶ በላይ የተገኘባቸው ጥቁር ሂናዎች ግን አሉ፤ ያውም ቆዳ ላይ በቀጥታ የሚውሉ። ሰውነት ፒፒዲን «እንዲመዘግብ» ከዚህ የበለጠ የሚገፋው ነገር ማግኘት ይከብዳል።

እንግዲህ አንዲት ደንበኛ እንውሰድ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንቺ ዘንድ ሙከራ ተደርጎላት፣ ቆዳዋ ንጹሕ ሆኖ ጥቁር ቡናማ ተቀባች። ጥር 12 የእህቷ ሠርግ ነበርና እጇንና እግሯን ጥቁር ሂና ተሣለች፤ ምንም አልሆነችም። የካቲት አጋማሽ ላይ ሥሩ ወጥቶ ልታስሞላ መጣች። ያለ ሙከራ ብትቀቢያት የዚያን ቀን ደህና ሆና ትወጣለች። በማግሥቱ ከጆሮዋ ጀርባና ማጅራቷ ላይ ያሳክካታል፤ በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ቆብ አብጦ ዓይኗ ላይገለጥ ይችላል። የራስ ቅል ቆዳ ወፍራም ነው፤ የዓይን ቆብ ስስ ስለሆነ ቀለም ባይቀባም መጀመሪያ የሚያብጠው እሱ ነው። ሙከራ ብታደርጊላት ኖሮ ያ ሁሉ በአንዲት ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ይታይ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሂናውን ከተሣለች በ3 ወይም በ4 ቀኗ ሙከራ ብታደርጊ ንጹሕ ሊወጣ ይችላል፣ ሰውነቷ ገና እየተማረ ነውና። ስለዚህ ጥቁር ሂና የተሣለች ሴት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ትቆይና ከዚያ ትሞከር እላለሁ። ሂናው የተሣለበት ቦታ አሳክኳት ወይም አብጦባት ከነበረ ደግሞ ሙከራውንም አታድርጊ። ሙከራው ራሱ ክፉኛ ሊያሳብጣት ይችላል፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኪያት።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ቀለም በአንድ ዓይነት መንገድ በመሞከር ነው። አንዳንዱ አምራች የቱቦውን ክሬም ሳይደባለቅ ሞክሩ ይላል፣ ሌላው ከፔሮክሳይዱ ጋር ደባልቁ ይላል። አንዳንዱ ከ45 ደቂቃ በኋላ ይታጠብ ይላል፣ ሌላው 48 ሰዓት ውኃ አይንካው ይላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥተሽ በዚያው መሠረት ሂጂ፤ የምትሞክሪውም የምትቀቢውን ቀለም ራሱን፣ በዚያው ቁጥር ነው። «ያው ድርጅት ነው» ብለሽ በሌላ ቁጥር አትሞክሪ። ቦታው ከጆሮ ጀርባ ወይም የክርን ውስጠኛ እጥፋት ነው። ቆዳው ያልቆሰለ፣ ያልተፋቀ፣ ቅባት ያልተቀባ ይሁን። በጥጥ እንጨት በስሱ ቀብተሽ ሳትሸፍኚ አድርቂው።

ውዱእ ለሚያደርጉ ደንበኞችሽ ይህ ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል፤ እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፣ ጆሮም ይታበሳልና። ወረቀቱ ከ45 ደቂቃ በኋላ መታጠብን የሚፈቅድ ቀለም ምረጪላቸውና በዙህርና በአስር ሶላት መካከል አድርጊው። ከዚያ በኋላ ውኃው አያበላሸውም፤ ቆጠራው ግን እስከ 48 ሰዓት ይቀጥላል። ቅዳሜ ለሠርግ የምትቀባ ሴት ረቡዕ ከሰዓት ብትሞከር ዓርብ ከሰዓት ውጤቱ ይታያል፤ ቅዳሜ ጠዋት ትቀቢያታለሽ። ከሐይቅ ወይም ከኮምቦልቻ የምትመጣዋ ሁለቴ መመላለስ ከከበዳት ለሌላ ጉዳይ ደሴ በወጣች ጊዜ ጎራ ትበል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሙከራውን ውጤት ስታዪ ደግሞ ዓይንሽን ብቻ አትመኚ። ቀለሙ ራሱ ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ ደማቅ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፣ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የነጠብጣቡን ዳር እዪ፣ ከዚያ በንጹሕ ጣት ዳብሺው። ከዙሪያው ቆዳ ከፍ ብሎ፣ ሻክሮ ወይም ጠጥሮ ከተሰማሽ፣ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ካሉ፣ ወይም ምንም ሳይታይ «ሌሊት አሳከከኝ» ካለች አይቀባም። ሲቀባ ወዲያው ቆጥቆጥ ብሎ በደቂቃዎች የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የኬሚካሉ ማቃጠል ነው፤ በማግሥቱ የሚመጣ ማሳከክ ነው አለርጂን የሚጠቁመው። ፎቶ በቴሌግራም ብትልክልሽ ለማገዝ ይጠቅማል፣ መዳበስን ግን አይተካም። ለቆዳ ሕመም ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ቦታው ላይ የምትቀባ ወይም ፕሬድኒሶሎን የምትውጥ ከሆነ ውጤቱ ሊደበቅ ስለሚችል አስቀድመሽ ጠይቂ።

ሙከራው ንጹሕ ሲወጣ አደጋው ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም፤ ይህንንም ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ጻፊው። ሌላው ደንበኞች የሚያታልላቸው «አሞኒያ የለውም» የሚል ጽሑፍ ነው። አሞኒያ ሽታውና ማቃጠሉ ነው፤ ፒፒዲ ሌላ ነው። አሞኒያ የሌለበት ቀለም ውስጥ ፒፒዲ ሊኖር ይችላል፤ አለርጂ የያዛትን ሴት ወደዚያ ማዞር መፍትሔ አይደለም።

እኔ የምለጥፈው ይህን ነው፤ እንደሚመችሽ አስተካክይው፦

«ለክቡራን ደንበኞቻችን። ከለር ከመቀባትዎ 48 ሰዓት በፊት ሁልጊዜ የቆዳ ሙከራ እናደርጋለን፤ ባለፈው ወር እኛው ቀብተንዎት ቢሆንም። ምክንያቱም የቀለም አለርጂ ቀድሞ ምንም ባልሆነ ሰው ላይ ይጀምራል፤ በመካከሉ ጥቁር ሂና ተሥለው ከነበረ ደግሞ የበለጠ ያሰጋል። ሙከራው በሚቀቡት ቀለም፣ ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ፣ በነጻ ይደረጋል። ካሳከከዎ፣ ካበጠ ወይም ከቀላ በውኃ ታጥበው ይደውሉልን፤ አንቀባም። በቀለም ወይም በጥቁር ሂና አብጦብዎት የሚያውቅ ከሆነ ከሙከራው በፊት ይንገሩን። ሙከራው አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ከቅብ በኋላ ፊትዎ ካበጠ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል።»

ከመስተዋቱ ጎን፣ ካስክ ስር ሆነው የሚያነቡበት ቦታ ላይ ለጥፊው። ቀጠሮ በስልክ ስትይዢም «ሙከራው ረቡዕ፣ ቅቡ ቅዳሜ» ብለሽ ሁለቱን ቀን አብረሽ ንገሪ፤ ጭቅጭቁ የሚነሣው ቅዳሜ ጠዋት ለሠርግ ተጣድፋ በመጣች ሴት ላይ ነው። አንድ ደብተር ያዢና የቀለሙን ስም፣ ቁጥሩን፣ የተሞከረበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውንና በ48ኛው ሰዓት ያየሽውን ጻፊበት። ከተቀባች በኋላ ካበጠች ለሐኪሙ የካርቶኑን ፎቶ ይዛ እንድትሄድ አድርጊ፤ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ያለው እዚያ ላይ ነው።